ታንኳው ለምን ቆመ? የኤአይ ክሊፕ ከትዕዛዙ ሲወጣ ምክንያቱን አንድ በአንድ መለየት

በኤአይ ያሠራችሁት ክሊፕ ደንበኛው ካዘዘው ሲለይ እጅ ቶሎ ወደ ፕሮምፕቱ፣ ማለትም ለሞዴሉ ወደምትጽፉለት ትዕዛዝ፣ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ቃል ትጨምራላችሁ፣ ሲዱን፣ ማለትም የዘፈቀደ መነሻውን ቁጥር፣ ትቀይራላችሁ፣ ሞዴሉ ለፕሮምፕቱ የሚታዘዝበትን መጠን፣ ጋይዳንሱንም፣ ከፍ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ አስጀምራችሁ ትጠብቃላችሁ። የወጣው ክሊፕ ከተሻለ የትኛው እንዳሻሻለው አታውቁም። ከባሰም የትኛው እንዳባሰው አታውቁም። ደንበኛው ነገ ሌላ ክሊፕ ሲያዝዝ እንደገና ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ግን ከየትኛው ልጀምር፣ ውጤቱን እንዴት ላንብበው፣ መቼስ ልተወው የሚለው ላይ ነው ሥራው የሚበላሸው። ስለዚህ አንድ ክሊፕ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሂድበት።

አንድ ባሕር ዳር ላይ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ የሚያመላልስ የጀልባ ባለቤት እንዲህ ብሎ አዘዛችሁ እንበል፦ «ጠዋት፣ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ጣና ላይ ሲሄድ። ካሜራው ከጎን እየተከተለው። 5 ሰከንድ። ለስልክ በቁመት።» የምንሠራበት ሞዴል ዋን 2.1 ነው። አሊባባ በ2025 መጀመሪያ ላይ በነፃ የለቀቀው ነው። ትንሹ ዓይነት 8 ጊጋባይት አካባቢ የግራፊክስ ሜሞሪ ይበቃዋል። የምትጠቀሙት ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

የመጀመሪያው ክሊፕ ወጣ። የእንጨት ጀልባ ነው። ሰውዬው ይቀዝፋል፣ ጀልባው ግን ንቅንቅ አይልም። ሰማዩም እንደ ማታ ጀምበር ብርቱካናማ ሆኗል።

1. ትዕዛዙን «አዎ» ወይም «አይ» ወደሚባል ጥያቄ ቀይሩት

«ያምራል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ዛሬና ነገ የምትመልሱት አንድ አይሆንም። ከክሊፑ ውስጥ በዓይን የሚታየውን ብቻ ጠይቁ፦

- ጀልባው ከደንገል የተሠራ ነው?
- ታንኳው ወደፊት ሲሄድ ይታያል?
- ካሜራው ይከተለዋል?
- ብርሃኑ የጠዋት ነው?
- ሰው አንድ ብቻ ነው?

እነዚህን ወረቀት ላይ ወይም ሰንጠረዥ ላይ ጻፏቸው። ከዚህ በኋላ የሚወጣው ክሊፕ ሁሉ በእነዚሁ አምስት ጥያቄዎች ይመዘናል። በመሀል ጥያቄ አትጨምሩ። ደንበኛው አዲስ ነገር ካነሳ ግን ጨምሩና የቆዩትን ክሊፖች በአዲሱ ጥያቄ እንደገና እዩአቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ክሊፑን በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት በኋላ አትመዝኑት። ሲላክ ይጨመቃል። የደንገሉ እስርስር ተድበስብሶ እንጨት ሊመስላችሁ ይችላል። ለደንበኛውም ቢሆን እንደ ፋይል ላኩለት።

2. ሁሉንም ቆልፉ

መነሻ የምንለው ክሊፕ ሁሉም ነገሩ ተጽፎ የተቀመጠ መሆን አለበት፦ የሞዴሉ ስምና ስሪት፣ ፕሮምፕቱ ቃል በቃል፣ ሲዱ፣ የስቴፕ ብዛት፣ ጋይዳንሱ፣ መጠኑ፣ የፍሬሙ ብዛት። በትእዛዝ መስመር የምትሠሩ ከሆነ ይሄ ይበቃል፦

```
python generate.py --task t2v-1.3B --size 480*832 \
  --ckpt_dir ./Wan2.1-T2V-1.3B \
  --offload_model True --t5_cpu \
  --frame_num 81 --sample_steps 50 \
  --sample_shift 8 --sample_guide_scale 6 \
  --base_seed 11 --prompt "$(cat p0.txt)"
```

81 ፍሬም በሰከንድ 16 ሲሄድ 5 ሰከንድ ነው። ፕሮምፕቱን በፋይል ማስቀመጥ ጥሩ ነው፣ `p0.txt`፣ `p1.txt` እያላችሁ ትቀጥላላችሁ፣ የቱ የቱ እንደነበር በኋላ አትጨነቁም፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ከቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። በ`p0.txt` ውስጥ ያለው ይሄ ነው፦

```
A fisherman paddles a tankwa on Lake Tana at sunrise.
The camera follows the boat from the side.
```

በኮምፊዩአይ፣ ሞዴሉን በመስኮት በሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ የምትሠሩ ደግሞ `KSampler` ላይ `control_after_generate` የሚለውን እዩ። ሳትነኩት `randomize` ላይ ነው የሚገኘው። እንደዚያ ከተተወ ባስኬዳችሁት ቁጥር ሲዱ በራሱ ይቀየራል። እናንተ አንድ ቃል የቀየራችሁ ይመስላችኋል፣ የተቀየረው ግን ሁለት ነገር ነው። `fixed` አድርጉት። መቆለፉን ማረጋገጥም ቀላል ነው፦ ምንም ሳትነኩ እንደገና ስታስኬዱት ምንም ሳያሠራ ወዲያው ካለቀ፣ የተለወጠ ነገር የለም ማለት ነው።

በኢንተርኔት የሚከፈልበት አገልግሎት ስትጠቀሙ ሌላ የተደበቀ ነገር አለ። አንዳንዶቹ ፕሮምፕታችሁን ተቀብለው በራሳቸው አስፍተው ይጽፉታል። እናንተ አንድ ቃል ስትቀይሩ እነሱ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ሊቀይሩት ይችላሉ። ይህን ማጥፊያ ካለው አጥፉት። ሲድ ማስገቢያም ከሌለው በአንድ ክሊፕ ማወዳደር አይቻልም፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ ብዙ ክሊፕ አውጥታችሁ ጠቅላላውን ማወዳደር ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

3. ምንም ሳትቀይሩ በ4 ሲድ አስኪዱት

ይሄን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው እላለሁ። ሲድ ማለት ሞዴሉ የሚነሳበትን የዘፈቀደ ኖይዝ የሚወስን ቁጥር ነው። ሌላው ሁሉ አንድ ሆኖ ሲዱ ብቻ ሲለያይ የክሊፑ አቀማመጥ፣ አንዳንዴም እንቅስቃሴው ይለያያል። ስለዚህ አንድ ክሊፕ ብቻ አይታችሁ «ፕሮምፕቱ ነው ችግሩ» ማለት አትችሉም።

ያንኑ መነሻ በ11፣ በ22፣ በ33 እና በ44 አስኪዱት። ከዚያ እያንዳንዱን ጥፋት ከአራቱ በስንቱ እንደታየ ቁጠሩ። የእኛ ክሊፕ እንዲህ ወጣ እንበል፦ የእንጨት ጀልባ በ4ቱም። የቆመ ታንኳ በ3ቱ። ብርቱካናማ ሰማይ በ4ቱም። ሁለተኛ ሰው ደግሞ በ1 ክሊፕ ብቻ።

አሁን ጥፋቶቹ ተለዩ። በ4ቱም የሚታየው ሲድ በመቀየር አይድንም፤ ምክንያቱ ፕሮምፕቱ ውስጥ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ወይም ሞዴሉ ውስጥ ነው። በ1 ብቻ የታየው ዕድል ነው። እሱን ተዉት። ለሁለተኛው ሰው ብላችሁ ፕሮምፕቱ ላይ «አንድ ሰው ብቻ» ብትጨምሩ የሌለ በሽታ እያከማችሁ ነው፣ በዚያ ላይ የተጨመረው ቃል ሌላውን ሊያናጋ ይችላል።

ከዚህ በኋላ የምታደርጉት ለውጥ ሁሉ በእነዚሁ 4 ሲዶች ይሞከራል። ፕሮምፕቱ ትንሽ ተቀይሮ ሲዱ ያው ሲሆን አቀማመጡ ብዙ ጊዜ ስለሚቀራረብ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ነገር ግን የቪዲዮውን መጠን ወይም የፍሬሙን ብዛት ከነካችሁ የመነሻው ኖይዝ ራሱ ቅርጹ ይቀየራል። ሲድ 11 ያኔ የቀድሞው 11 አይደለም። ስለዚህ «ለሙከራ 2 ሰከንድ አድርጌ ልፍጠን» የሚለው ሐሳብ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

4. መጀመሪያ ሁሉን ሊያፈርስ የሚችለውን ጥፋት ያዙ

ከየትኛው እንጀምር? እኔ የምከተለው መለኪያ አንድ ነው፦ መፍትሔው ሞዴሉን ወይም አሠራሩን ሊያስቀይር የሚችለው ጥፋት ይቅደም። ብርሃኑን አስተካክላችሁ፣ እንቅስቃሴውን አስተካክላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ለጀልባው ሲባል ሞዴል መቀየር ግድ ቢሆን ያስተካከላችሁት ሁሉ ገደል ገባ። የእኛው የጀልባው ማንነት ነው። እሱ ይቅደም።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሞዴሉ `tankwa` የሚለውን ቃል አያውቀውም የሚል ነው። ስለዚህ ያንን ቃል ብቻ አውጥታችሁ በቦታው መግለጫ አስገቡ፣ ሌላው ይቆይ፦

```
a narrow boat made of tied bundles of dry papyrus reeds
```

4ቱንም አስኪዱ። ቀለሙ ወደ ገለባ ከቀረበ፣ ቅርጹ ግን አሁንም ታንኳ ካልሆነ፣ ቃሉ የችግሩ አንድ ክፍል ነበር፣ ሙሉው ግን አይደለም። ለውጡን ያዙትና ቀጥሉ። ምንም ካልተለወጠ ወደ `p0.txt` ተመለሱ። ያልሠራ ለውጥ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሦስት አራት የማይሠሩ ለውጦች ተከማችተው ፕሮምፕቱ ማንም የማያውቀው ጫካ የሚሆነው በዚህ ነው።

ቀጥሎ መቀነስን ሞክሩ። ሰው ሁሉ መጨመር ነው የሚቀናው፣ ማውጣት ግን የበለጠ ይናገራል። `fisherman` የሚለውን አውጥታችሁ `man` ብቻ አድርጉት። ዓሣ አጥማጅ የሚለው ቃል ከእንጨት ጀልባ ጋር ተያይዞ ሞዴሉን ወደዚያ እየጎተተው ከሆነ፣ ሲወጣ ታዩታላችሁ።

አሁንም እምቢ ካለ ጥያቄውን ለይታችሁ ጠይቁ፦ ሞዴሉ ይሄን ጀልባ ጭራሽ ያውቀዋል ወይ? የፍሬሙን ብዛት 1 አድርጉ፤ አንድ ምስል ብቻ ይወጣል፣ ቶሎም ያልቃል። ፕሮምፕቱ ውስጥ ጀልባውን ብቻ ተዉ። ሰው የለ፣ ካሜራ የለ፣ ጠዋት የለ። ሲዱ እዚህ ከቪዲዮው ጋር አይወዳደርም፣ የምንፈልገው ግን ማወቅ አለማወቁን ብቻ ስለሆነ ግድ የለም። ብቻውን ሲጠየቅ ጥሩ የደንገል ታንኳ ካወጣ፣ ችሎታው አለው፤ ችግሩ ሌሎቹ ቃላት እያስረሱት ነው። ብቻውንም ተጠይቆ ከእንጨት ጀልባ ወይም ከሌላ አገር የሸምበቆ ጀልባ በላይ ካልሄደ፣ በፕሮምፕት የሚመጣ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ጋይዳንሱን አንድ ጊዜ ብቻ መሞከር ይቻላል። ከ6 ወደ 8 አድርጉት፣ ሌላው እንዳለ ይሁን። ጋይዳንስ ሞዴሉ ለፕሮምፕቱ ምን ያህል ይታዘዝ የሚለውን ነው የሚወስነው። የማያውቀውን ነገር ግን ሊያሳውቀው አይችልም። ቀለሙ እየደመቀ፣ ጥላው እየጠቆረ ከመጣ እና ጀልባው ያው እንጨት ከሆነ መልሱን አገኛችሁ፤ ወደ 6 መልሱት። በዚህ አጋጣሚ፣ ለፍጥነት ተብሎ በተሠራና ጋይዳንሱ 1 ላይ በሚሄድ ሞዴል የምትሠሩ ከሆነ «ይሄ አይኑር» የምትሉበት ሳጥን፣ ማለትም ኔጋቲቭ ፕሮምፕቱ፣ በተለመደው አሠራር ምንም አይሠራም። እዚያ ውስጥ `wooden boat` ብላችሁ ብትጽፉም የሚሰማችሁ የለም።

እንግዲህ የእኛ ውጤት «አያውቀውም» ሆነ እንበል። ታንኳ ራሱ ግን ቅርብ ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች በደንገል የሚሠሩት፣ ጣና ዳር በጠዋት የሚታይ ነገር ነው። ሄዳችሁ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሱትና ክሊፑን ከፎቶው አስጀምሩት። በዋን 2.1 ከፎቶ የሚነሳው ትልቁ፣ 14 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ሞዴል ስለሆነ ጠንከር ያለ ማሽን ወይም ኪራይ ይጠይቃል። ፎቶውን ከማስገባታችሁ በፊት ራሳችሁ በቁመት ቁረጡት፣ ለሶፍትዌሩ አትተዉለት፣ የታንኳውን ሹል አፍንጫ ሊቆርጠው ይችላል።

ሞዴሉ ስለተቀየረ መነሻውም አዲስ ነው። ደረጃ 3ን ድገሙት፣ 4 ሲድ፣ ምንም ሳትነኩ። የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አታወዳድሩ። የብርሃኑ ችግር እዚህ ላይ በራሱ ይፈታል፣ ምክንያቱም ብርሃኑን የሚወስነው ፎቶው ነው፤ ጠዋት ከተነሳ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ለሰማዩ ብንለፋ ኖሮ ልፋቱ በከንቱ ነበር።

5. የቆመው ታንኳ

ፕሮምፕቱ አሁን መልክን አይገልጽም፣ መልኩ ፎቶው ላይ አለ። እንቅስቃሴውን ብቻ ተናገሩ፦

```
The man pushes the paddle and the boat glides forward.
The camera follows the boat from the side.
```

4ቱ ሲዶች ወጡ። ታንኳው አሁን እውነተኛ ታንኳ ነው። ግን በ4ቱም የቆመ ይመስላል። ሰውዬው ይቀዝፋል፣ ውኃው ይንቀሳቀሳል፣ ታንኳው ግን መሀል ላይ ተተክሏል።

እዚህ ብዙ ሰው `fast`፣ `moving quickly` እያለ ይጨምራል። አትጨምሩ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አውጡት። ካሜራው የሚለውን። በ4ቱም ታንኳው ከግራ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ከፍሬሙ ሊወጣ ሲቃረብ ታያላችሁ። እንግዲህ ታንኳው መሄድ ይችላል። የመንቀሳቀስ ችግር አልነበረም።

ታዲያ ጥፋተኛው ካሜራው ነው? አንድ በአንድ መቀየር ብቻውን እዚህ ሊያሳስታችሁ ይችላል። «ካሜራውን አጥፍቼ ሠራ» ብላችሁ ብትዘጉት ከአምስቱ ጥያቄዎች ሦስተኛውን ጣላችሁት፣ ደንበኛው ካሜራው ይከተል ብሏል። ቆም ብላችሁ ስዕሉን እዩት። ካሜራው ከታንኳው ጋር እኩል ከሄደ ታንኳው በፍሬሙ ውስጥ ቦታውን አይቀይርም። መሄዱን የሚነግረን ከጀርባው ወይም ከፊቱ የሚያልፍ ነገር ነው። የእኛ ፎቶ ደግሞ የተነሳው ወደ ሰፊው ውኃ ነው። ጣና ሰፊ ነው፣ ማዶው ሩቅ ነው፣ ሩቅ ያለ ነገር በ5 ሰከንድ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። የሚያልፍ ነገር የለም።

ይሄ ገና ጥርጣሬ ነው። ለማረጋገጥ ሁለት ነገር በሁለት መልክ ሞክሩ፣ በድምሩ አራት ጥምረት ይሆናል፦ ሰፊ ውኃ ያለበት ፎቶና ከፊቱ የቆመ ደንገል ያለበት ፎቶ፣ እያንዳንዱ ካሜራው ሲከተልና ሳይከተል። ሁለተኛውን ፎቶ ከዳር ሆናችሁ በቆመው ደንገል መሀል አሻግራችሁ አንሱት። ሰዓቱም፣ ታንኳውም፣ ርቀቱም እንደ መጀመሪያው ይሁን፣ አለበለዚያ እዚህም ብዙ ነገር ቀየራችሁ።

- ሰፊ ውኃ፣ ካሜራ ቆሞ፦ ታንኳው ይሄዳል።
- ሰፊ ውኃ፣ ካሜራ እየተከተለ፦ ታንኳው የቆመ ይመስላል።
- ደንገል ከፊት፣ ካሜራ ቆሞ፦ ታንኳው ይሄዳል።
- ደንገል ከፊት፣ ካሜራ እየተከተለ፦ ደንገሉ ወደ ኋላ ያልፋል፣ ታንኳው ሲሄድ ይታያል።

ካሜራው ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። ፎቶውም ብቻውን አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሚበላሸው። አንድ ለውጥ አንዱን ጥፋት አድኖ ሌላውን ትዕዛዝ ሲያስጥላችሁ፣ ሁለት ነገሮች እየተጋጩ ይሆናልና እንዲህ በአራት ጥምረት አውጡት። ለሁሉም ነገር ግን አታድርጉት፤ በ4 ሲድ ሲባዛ 16 ክሊፕ ነው፣ የማሽኑም ኪራይ የዚያኑ ያህል ይሆናል።

ደግሞ ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የጎደለው ትዕዛዙ ራሱ ነበር። በእውነተኛ ካሜራም ሰፊ ውኃ ላይ ከጎን እኩል ብትከተሉት ያው የቆመ ይመስላል። ስለዚህ ለደንበኛው «ሞዴሉ አልቻለም» ሳይሆን «ከዳር፣ በደንገሉ በኩል እናሳየው» ብላችሁ ሁለቱን ክሊፖች ጎን ለጎን አሳዩት። ሲያየው ይገባዋል።

6. መቼ ትተዉት

አንድ መቆጣጠሪያ ከፍም ዝቅም ብሎ ጥፋቱ ከ4ቱ በ4ቱም ካለ፣ ምክንያቱ እዚያ አይደለም። በትንሽ በትንሹ እያስተካከላችሁ አትቆዩበት። ስንት ሙከራ እንደምትሰጡት አስቀድማችሁ ወስኑ። እኔ ለአንድ ጥርጣሬ ሦስት ለውጥ እሰጣለሁ። በሦስቱ ካልተነቃነቀ ወደሚቀጥለው።

7. ባልነካችኋቸው ሲዶች ፈትኑት

አምስቱም ጥያቄ «አዎ» ሲሆን ሥራው ያለቀ ይመስላል። ግን እስካሁን ሁሉንም የወሰናችሁት እነዚያን 4 ሲዶች እያያችሁ ነው። መፍትሔው ለእነሱ ብቻ የተስማማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 4 አዲስ ሲዶች ምረጡ፣ 55፣ 66፣ 77፣ 88 ይሁኑ፣ ምንም ሳትነኩ አስኪዱ። በ3 ወይም በ4 ከያዘ ምክንያቱን በትክክል አግኝታችኋል። በ1 ብቻ ከያዘ ያገኛችሁት ጥሩ ዕድል ነው፣ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ለማስረከብ ከፍ ያለ ጥራት ሲያስፈልግ ያንኑ ሲድ በትልቅ መጠን አታስኪዱት። ከላይ እንዳልነው መጠኑ ሲቀየር ኖይዙም ይቀየራል፣ የመረጣችሁት ክሊፕ አይመለስም። የተመረጠውን ክሊፕ ራሱን በማሳደጊያ ሶፍትዌር አሳድጉት። ካደገ በኋላ ደግሞ ደንገሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ማሳደጊያው የእስሩን መስመር አለስልሶት ፕላስቲክ ካስመሰለው፣ ሳያድግ በፊት የነበረውን ዋናውን ክሊፕ አስረክቡ።